ፍርሃትን የሚያቆየው ሽሽት

ፍርሃት ራሱ በሽታ አይደለም። አደጋ የመጣ ሲመስል ሰውነት የሚያስነሳው የመከላከያ ሥራ ነው፤ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ መዳፍ ያልበዋል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ግራ የሚያጋባው አደጋ በሌለበት የሚነሳ ፍርሃት ለዓመታት ሳይበርድ መቆየቱ ነው። ሰው ከደረሰበት ነገር ይማራል፤ አምሳ ጊዜ ተሳፍሮበት አንድም ቀን ያልጎዳውን ታክሲ በአምሳ አንደኛው ሊፈራው አይገባም ነበር። በጭንቀት ሕመም የተያዘ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ፍርሃቱ ከልክ ያለፈ መሆኑን በአፉ እያመነ እግሩ እሺ አይለውም።

ተመራማሪዎች ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ ከፍርሃቱ ይልቅ ፍርሃቱ ሲመጣ ሰውየው በሚያደርገው ነገር ላይ ያርፋል። ሰውየው ይሸሻል። ሽሽቱ ወዲያው ያሳርፈዋል፤ ያ ዕረፍት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ቀደም ብሎ እንዲሸሽ ያስተምረዋል። በዚህ መሃል አንድ ነገር ሳይሆን ይቀራል፦ ባይሸሽ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳያይ ይቀራል። ይህ እንዴት እንደሚሠራ በደንብ የሚታየው የድንገተኛ ፍርሃት ጥቃት ወይም ብዙዎች ፓኒክ አታክ በሚሉት ሕመም ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው በእሱ ላይ ያተኩራል።

ለምሳሌ ያህል አንዲት መገናኛ አካባቢ የምትኖር፣ ሜክሲኮ አካባቢ በሒሳብ ሠራተኛነት የምትሠራ ወጣት እናስብ። በክረምት ማለዳ ቁርስ ሳትበላ፣ ቡና ብቻ ጠጥታ ሚኒባስ ትሳፈራለች። ዝናብ ስላለ መስኮቶቹ ተዘግተዋል፤ ከኋላ ወንበር ላይ አራት ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ሃያ ሁለት ሳይደርሱ ልቧ በድንገት ይመታ ይጀምራል፤ አየር ያጥራታል፣ ጣቶቿና ከንፈሯ ይደነዝዛሉ፣ ዓይኗ ብዥ ይላል። «ልቤ ሊቆም ነው» የሚል ሐሳብ ይመጣባታል። «ወራጅ አለ!» ብላ ሰው እየገፋች ትወርዳለች። አስፋልቱ ዳር ቆማ ጥቂት ደቂቃ ስትተነፍስ ይለቃታል። ሆስፒታል ሄዳ ልቧ በኢሲጂ ይመረመራል፤ ደሟም ይታያል፤ ምንም አይገኝም።

በነጋታው በር አጠገብ ካለው ወንበር በቀር አትቀመጥም። ከሳምንት በኋላ ሞልቶ የመጣ ታክሲ ታሳልፋለች። ቀጥሎ ወንድሟ እስከ ሥራ ቦታ ይሸኛታል፤ ከዚያ ደመወዟን የሚበላውን የራይድ ታክሲ ትለምዳለች፤ በመጨረሻ ለቤቷ የቀረበ ሥራ ትፈልጋለች። ሽሽቱ ታክሲ ላይም አይቆምም። ሰው የሚበዛበት የባንክ ሰልፍ፣ የለቅሶ ድንኳን፣ የክብረ በዓል ቅዳሴ፣ ፈጥኖ መውጣት የማይቻልበት ቦታ ሁሉ ተራ በተራ ይጨመርበታል። በ1871 (እ.ኤ.አ.) የበርሊኑ ሐኪም ካርል ቬስትፋል ሰፊ አደባባይና ጎዳና ማቋረጥ የተሳናቸውን ሰዎች ገልጾ ለሕመሙ አጎራፎቢያ የሚል ስም ሰጥቶታል፤ ስሙ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው። በእርግጥም ሰዎቹ የሚፈሩት ቦታውን ሳይሆን እዚያ ቦታ ላይ ሳሉ በውስጣቸው የሚነሳውን ነገር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ የሰዓቱን ነገር ማየት ይጠቅማል። የድንገተኛ ፍርሃት ጥቃት አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና ከዚያ በራሱ ይወርዳል። ሰውነት አድሬናሊንን በዚያ መጠን ያለማቋረጥ እየረጨ ሊቆይ አይችልም፤ የተረጨውም ይሟጠጣል፣ ልብን የሚያረጋጋው የነርቭ ክፍልም ሥራውን ይጀምራል። ወጣቷ ከታክሲው የወረደችው ጥቃቱ ጫፍ ላይ በደረሰበት ሰዓት ነው። ቆማ የተነፈሰችበት ጊዜ ጥቃቱ ታክሲው ውስጥ ብትቆይም ኖሮ የሚበርድበት ጊዜ ነበር። እሷ ግን የምታውቀው መውረዷንና መዳኗን ነው። ስለዚህ ውለታው ለመውረዷ ይቆጠራል። «ባልወርድ ኖሮ ልቤ ይቆም ነበር» የሚለው እምነት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይነካ ይኖራል፤ ልቧ ያልቆመበት ቀን በበዛ ቁጥር የማምለጧ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል እንጂ አይሽረውም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሆባርት ማውረር በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን በሁለት ደረጃ አስረዳ። በመጀመሪያ ሰውየው አንድን ምልክት ከክፉ ነገር ጋር አያይዞ መፍራት ይማራል። ቀጥሎ ከምልክቱ መራቅ ፍርሃቱን እንደሚያበርድ ይማራል። ሁለተኛው ትምህርት የመጀመሪያው እንዳይሰረዝ ይጠብቀዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ሰለሞንና ባልደረቦቹ ይህንኑ በውሾች ላይ አዩት፤ ውጤቱን ያሳተሙት በ1953 (እ.ኤ.አ.) ነው። ውሻው በመካከሉ አጥር ባለበት ሁለት ክፍል ሣጥን ውስጥ ይገባል። መብራት ይጠፋል፤ ከአሥር ሰኮንድ በኋላ ወለሉ ብርቱ ኤሌክትሪክ ይለቃል፤ ውሻው አጥሩን ዘሎ ወደ ሌላው ክፍል ሲገባ ይድናል። ጥቂት ጊዜ ከተነዘረ በኋላ መብራቱ እንደጠፋ መዝለል ይለምዳል። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ኤሌክትሪኩን ጨርሰው አጠፉት። አብዛኞቹ ውሾች ግን ለመቶዎች ጊዜ መዝለላቸውን ቀጠሉ፤ እንዲያውም እየቆዩ ይበልጥ ፈጣኖች ሆኑ። ሥራው ዛሬ ባለው የምርምር ሥነ ምግባር የሚፈቀድ አይመስልም። ያሳየው ነገር ግን ግልጽ ነው። ወለሉ ባዶ መሆኑን ለማወቅ ከአሥር ሰኮንድ በላይ መቆየት ያስፈልግ ነበር፤ እነዚህ ውሾች ግን አልቆዩም።

በዚያ ሙከራ ውስጥ የሰውን ሕይወት በደንብ የሚገልጽ ሌላም ነገር አለ። ውሾቹ መዝለሉን ከለመዱ በኋላ የፍርሃት ምልክት እያነሰባቸው ሄደ። መጮህና መንቀጥቀጥ ቀርቶ ተረጋግተው ይዘሉ ነበር። ከቤት የማትወጣ ወይም በራይድ ብቻ የምትሄድ ሴትም እንዲሁ ሰላም ያላት ትመስላለች። ቤተሰቧ «አሁን ተሽሏታል፣ ድሮ ነበር የሚያማት» ይላል። ጥቃቱ የቀነሰው የሚቀሰቅሰው ነገር ስለተወገደ ነው። አንድ ቀን ራይድ ቢጠፋና ሚኒባስ ግድ ቢሆን የመጀመሪያው ቀን ፍርሃት እንዳለ ይጠብቃታል።

ስለዚህ ሕክምናው መሆን ያለበት ግልጽ ይመስላል፤ ትሳፈር። ብዙ ሰዎች ግን «ሞክሬዋለሁ፤ በየቀኑ እሳፈራለሁ፤ አልለቀቀኝም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በየቀኑ ይሳፈራሉ፤ አብሮ የሚሳፈረው ነገር ግን ብዙ ነው። የበሩን ወንበር ይመርጣሉ። ቦርሳ ውስጥ የውሃ ላስቲክ፣ እጅ ላይ ሎሚ ወይም ጤና አዳም፣ ጆሮ ላይ ስልክ አለ። የልባቸውን ምት በጣታቸው ይቆጥራሉ። በየፌርማታው አጠገብ ያለውን ክሊኒክ ያውቁታል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖል ሳልኮቭስኪስ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ለእነዚህ ጥቃቅን መደገፊያዎች ትኩረት እንዲሰጥ ያደረገው እነሱም ሽሽት በመሆናቸው ነው። እግሩ ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው በእነሱ በኩል ይሸሻል። ምንም ሳይሆን ሲወርድ «ሎሚው አዳነኝ»፣ «በሩ አጠገብ ስለነበርኩ ነው» ይላል፤ ዋናው እምነት ግን አሁንም አልተፈተነም።

የትኛው ነገር መደገፊያ እንደሆነ የሚታወቀው በነገሩ ዓይነት ሳይሆን በተሰጠው ሥራ ነው። የጠማው ሰው ውሃ ይጠጣል። ውሃውን ቤት የረሳ ዕለት መሳፈር የሚያቅተው ሰው ግን ውሃውን ለጥም አልያዘውም። በጸሎትም ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ሰው በመንገዱ ላይ ቢጸልይ የእምነቱ ነገር ነው፤ ማንም ሐኪም አይገባበትም። «ይህቺን ቃል ሦስት ጊዜ ካልደገምኩ ልቤ ይቆማል» የሚል ስሌት ሲጨመርበት ግን ጸሎቱ የበሩን ወንበር ሥራ እየሠራ ነው።

የሚፈሩትን ነገር ቀስ በቀስ መጋፈጥ ከሐኪሞች በፊትም ይታወቅ ነበር። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ስትራስቡርግ ተማሪ ሳለ ከፍታ ያዞረው ነበር። ብቻውን የከተማዋን ትልቅ ካቴድራል ማማ እየወጣ፣ ጫፉ ሥር ሩብ ሰዓት ያህል ከተቀመጠ በኋላ ምንም መያዣ ወደሌለበት ጠባብ ቦታ እየወጣ፣ ነገሩ ምንም እስከማይመስለው ድረስ ደጋገመው። የራሱን የሕይወት ታሪክ ሲጽፍ ተርኮታል። ብቻውንና ያለ መያዣ መሆኑ ዛሬ ባለሙያዎች ከሚሉት ጋር ይገጥማል።

በሳይንስ መልክ የተመዘገበው ቀደምት ሥራ ግን የሜሪ ከቨር ጆንስ ነው። በ1924 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጥናት ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን አለ። ጥንቸሏ ክፍሉ ውስጥ በየትኛውም ቦታ፣ በሽቦ ቤት ውስጥም ብትሆን፣ ያስለቅሰው ነበር። ጆንስ ጥንቸሏን መጀመሪያ አራት ሜትር ግድም ራቅ አድርጋ አስቀመጠች፤ ከዚያ ቀስ በቀስ አቀረበች፤ ቀጥሎ ከሽቦው አስወጣቻት። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሏ ጣቶቹን ስትነክስለት ዝም ብሎ ያይ ነበር። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ቮልፒ በ1950ዎቹ ይህንን ለአዋቂዎች የሚሆን ሕክምና አደረገው፤ ፍርሃትን ከ0 እስከ 100 በቁጥር መለካትም ከእሱ የመጣ ነው።

ወደ ወጣቷ እንመለስ። ሕክምናው ሲጀመር ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቃት ምን ያህል እንደምትፈራ ሳይሆን በትክክል ምን ይሆናል ብላ እንደምትፈራ ነው። «ይጨንቀኛል» የሚለው መልስ አይበቃም፤ መጨነቋማ አይቀርም፤ ይህ ሊፈተን የሚችል ግምት አይደለም። ተገፍታ ስትሄድ ትክክለኛው ይወጣል፦ «ታክሲው መንገድ ሲዘጋበት መውረድ ካልቻልኩ ራሴን ስቼ እወድቃለሁ፤ ሰው ላይ እተፋለሁ፤ ልቤ ይቆማል።» ለእያንዳንዱ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነች በመቶኛ ትጽፋለች።

ከዚያ ሰውነቷ ምን እየሠራ እንደሆነ ይብራራላታል። ጣትና ከንፈር የሚደነዝዘው፣ ጭንቅላት የሚቀለው በፍርሃት ሰዓት ከሚያስፈልገው በላይ በመተንፈሷ ነው። በትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው መጠን ይቀንሳል፤ የአንጎል የደም ሥሮችም ጠበብ ይላሉ። አየር ያጠራት የሚመስላት አየር በዝቶባት ነው። ራስን መሳት ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው የደም ግፊት ሲወርድ ነው፤ በፍርሃት ጥቃት ሰዓት ግፊቱ ይጨምራል። ለዚህ ነው በጥቃት መካከል «ልወድቅ ነው» የሚለው ስሜት እንደዚያ የተለመደ ሆኖ መውደቁ ግን ብርቅ የሆነው። ማብራሪያው ይረዳል፤ በማብራሪያ ብቻ የዳነ ሰው ግን ጥቂት ነው። ፍርሃት የሚለወጠው በደረሰ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ታክሲ አያስፈልገውም። የምትፈራው የራሷን ሰውነት ስለሆነ ከእሱ ይጀመራል። ባለሙያው ፊት ለአንድ ደቂቃ በፍጥነትና በጥልቀት ትተነፍሳለች፤ ጣቷ ይደነዝዛል፣ ጭንቅላቷ ይቀላል። ለአንድ ደቂቃ ባለችበት ትሮጣለች፤ ልቧ ይመታል። በሚሽከረከር ወንበር ላይ ትዞራለች። አፍንጫዋን ይዛ በቀጭን የለስላሳ መጠጫ ትተነፍሳለች፤ አየር ያጥራታል። የጥቃቱ ስሜቶች አንድ በአንድ በራሷ ፈቃድ ይመጣሉ፤ የፈራችው ነገር ግን አይከተላቸውም። የልብ ሕመም፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ይህንን ያለ ሐኪም ፈቃድ መሥራት የለባቸውም።

ቀጥሎ የመሰላሉ ዝርዝር ይወጣል። መገናኛ ተራ ላይ ቆሞ በሚሞላ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ ለወጣቷ ከ100 የ30 ፍርሃት ነው፤ ሰው በሚያንስበት ሰዓት እስከ ሃያ ሁለት መሄድ 45፤ ከኋላ ወንበር በመስኮት በኩል፣ ከበሩ ሦስት ሰው ራቅ ብሎ መቀመጥ 70፤ ማለዳ በሥራ መግቢያ ሰዓት እስከ ሜክሲኮ መዝለቅ 85። ጫፉ ላይ ቀላል ባቡሩ አለ። እዚያ «ወራጅ አለ» የሚባል ነገር የለም፤ በሩ የሚከፈተው ጣቢያ ሲደርስ ብቻ ነው።

አንዱን ቀን ቀረብ ብለን እንየው። ሥራው የኋላ ወንበሩ ነው። ከመሳፈሯ በፊት በማስታወሻዋ «ዑራኤል ሳንደርስ ራሴን እስታለሁ፤ 80 በመቶ» ብላ ትጽፋለች። ውሃውና ሎሚው ቤት ቀርተዋል፤ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ወንድሟ አልመጣም። ሃያ ሁለት ላይ መንገድ ይዘጋል። ልቧ ይነሳል፤ ቁጥሩ 75 ይደርሳል። ረዳቱ «ወራጅ?» ሲል አፏ ይከፈታል፤ አትናገርም። ትንፋሿን ለማስተካከል አትታገልም፤ መስኮት አታስከፍትም፤ ልቧ እንደሚመታ እያወቀች ትቀመጣለች። ዑራኤል ይታለፋል። ስታዲየም ሲደርሱ ፍርሃቱ አሁንም 60 ላይ ነው። ወርዳ ትጽፋለች፦ «ልቤ መታ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አላበኝ። ራሴን አልሳትኩም። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ እንኳ አላወቁብኝም።» በሚቀጥለው ቀን ለዚያው ግምት የምትሰጠው ቁጥር 50 ነው።

ፍርሃቱ 60 ላይ ሳለ መውረዷ ውድቀት ይመስላል። ለረጅም ጊዜ ባለሙያዎችም እንደዚያ ያስቡ ነበር፤ ታካሚው ፍርሃቱ ቢያንስ በግማሽ እስኪወርድ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ይመክሩ ነበር። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ሚሼል ክራስክና ባልደረቦቿ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ያሰባሰቡት ጥናት ግን በአንድ ቀን ሥራ ውስጥ ፍርሃት ምን ያህል እንደወረደ የወደፊቱን ውጤት በአስተማማኝ እንደማይናገር ያሳያል። የበለጠ የሚያስተምረው የተጠበቀው ነገርና የደረሰው ነገር መራራቃቸው ነው። 80 በመቶ እርግጠኛ ሆና የጠበቀችው መውደቅ ሳይመጣ ቀርቷል፤ የዕለቱ ሥራ ይኸው ነው። አስቀድሞ በተወሰነው ቦታ መውረድና ፍርሃት ሲበረታ መውረድም ይለያያሉ። ስታዲየም ለመውረድ የተነሳች ሴት ስታዲየም ወርዳለች፤ ሃያ ሁለት ላይ ብትወርድ ኖሮ የሸሸችው እዚያ ነበር። እንደዚያም ከሆነ ማዳኑ ቀላል ነው፤ ጥቂት ተረጋግቶ በሚቀጥለው ታክሲ መሳፈር።

የፍርሃት ትምህርት አይሰረዝም የሚለው ግኝት ደግሞ የሥራውን መልክ ይወስናል። ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ እንዳየው፣ የጠፋ የሚመስል ልማድ ጊዜ ሲያልፍ በራሱ ይመለሳል። በመጋፈጥ የሚገኘው አዲስ ትምህርት በአሮጌው ላይ ተደርቦ የሚቀመጥ ነው፤ አሮጌውን የሚበልጠው በተለያየ ሁኔታ ሲደጋገም ብቻ ነው። ወጣቷ አንድ መስመር፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ወንበር ብቻ ብትለማመድ ነፃነቷ እዚያው ይወሰናል። ስለዚህ ሰዓቱ ይለዋወጣል፤ በዝናብም በፀሐይም፣ በሚኒባስም በአንበሳ አውቶቡስም፣ በደከማት ቀንም ትሄዳለች። በመጨረሻ ቡና ጠጥታ፣ ልቧ አስቀድሞ እየመታ ትሳፈራለች፤ የመጀመሪያው ቀን ሁኔታ ይህ ነበርና። ለፓኒክ የሚሰጠው እንዲህ ያለ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ከባለሙያ ጋር አሥራ ሁለት ያህል ሳምንታዊ ቀጠሮ ይወስዳል። ለውጡ የሚመጣው ግን በቀጠሮዎቹ መካከል በየቀኑ በሚሠራው ነው።

ሥራው የሚበላሽባቸው መንገዶች የሚታወቁ ናቸው። በጣም የተለመደው ወዳጅ ዘመድ በፍቅር የሚያደርገው ነው። እናት «ልጄ ካመመሽ ቅሪ» ትላለች፤ ወንድም በየአሥር ደቂቃው ደውሎ «እንዴት ነሽ?» ይላል። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው «ስትደርሺ እናወራለን» ማለት ነው። ሌላው መድኃኒት ነው። ዳያዜፓምን የመሰለ ማረጋጊያ ከመሳፈር በፊት የሚወስድ ሰው ጉዞው ሰላም ቢሆንም ምስጋናው ለክኒኑ ይሆናል፤ ክኒን የሌለበት ቀንም እንደ ድሮው ያስፈራዋል። ይህ ማለት ግን የለመደውን ክኒን በራሱ ያቁም ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የሚጥል በሽታ እስከማስነሳት ይደርሳል፤ የሚቀነሰው በሐኪም እጅ ቀስ በቀስ ነው። እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት በየቀኑ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ከመጋፈጥ ሕክምና ጋር አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

መጋፈጥ የማይገባውም አለ። ፍርሃቱ ልክ ከሆነ የሚፈታ ነገር የለም፤ የማያውቁትን የጎዳና ውሻ መዳሰስ የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ሕክምና አይባልም። ልብ የሚያስመታ የታይሮይድ መብዛትና የደም ማነስ መጀመሪያ መመርመር አለባቸው፤ ጫት የሚቅምም ሰው ለሐኪሙ ይንገር። ደምና መርፌ የሚፈሩ ሰዎች ከሁሉም ይለያሉ። እነሱ ደም ሲያዩ ልባቸው መጀመሪያ ፈጥኖ ወዲያው ግፊታቸው ስለሚወርድ በእርግጥም ራሳቸውን ይስታሉ። ስለዚህ ስዊድናዊው ላርስ ዮራን ኧስት በ1980ዎቹ ባዘጋጀው ዘዴ መጀመሪያ የክንድ፣ የደረትና የእግር ጡንቻን ፊት እስኪሞቅ ድረስ ከ10 እስከ 15 ሰኮንድ አጥብቆ መወጠር፣ ከዚያ ማላላትና መደጋገም ይማራሉ፤ መርፌውን የሚያዩት ይህን ይዘው ነው። በጦርነት፣ በመደፈር ወይም በስደት መንገድ ላይ በደረሰ ግፍ የመጣ ፍርሃትም በመጋፈጥ ይታከማል፤ ግን ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር እንጂ ብቻውን የሚጀመር አይደለም። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ለዚያ ሐሳብ እርዳታ ማግኘት አለበት።

ከዳነም በኋላ ፍርሃቱ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ትንሹ ፒተር ጥንቸሏን መታገስ ከጀመረ በኋላ ታምሞ ሆስፒታል ገባ። ሲወጣ ከነርሷ ጋር ታክሲ ሊገቡ ሲሉ ትልቅ ውሻ ዘለለባቸው፤ ሁለቱም ደነገጡ። ፒተር ወደ ጆንስ ሲመለስ የጥንቸሉ ፍርሃት እንደ መጀመሪያው ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ነው ምግቡንና ጥንቸሏን አንድ ላይ ያደረገችው፤ እንደገናም ተሳካለት። አዲስ አበባ ያለችውም ወጣት ከወራት ሰላም በኋላ፣ ምናልባት በኀዘን ወይም በእንቅልፍ ማጣት ሳምንት፣ ሚኒባስ ውስጥ ልቧ እንደገና ሊነሳ ይችላል። ያን ቀን ከታክሲው ሳትወርድ መቀጠል፣ ወርዳም ከሆነ በማግሥቱ ያለ ውሃና ያለ ሎሚ በዚያው መስመር መሳፈር አለባት። ሁለት ሳምንት እረፍት ወስዳ «ሲሻለኝ» ብትል ግን ሕክምናውን እንደገና ከመሰላሉ ታች ትጀምረዋለች።